አንድ ጌም፣ ብዙ ዋጋ፦ ከየትኛው አገር ስቶር ብትገዙ ያዋጣል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጌም በግማሽ ዋጋ አገኘሁና ሳላመነታ ገዛሁት። ሻጩ የኮምፒውተር ጌም ስቶር የሆነው ስቲም ላይ የሚገባ ባለ 15 ፊደልና ቁጥር ኮድ በኢሜይል ላከልኝ። ኮዱን አስገባሁ። ስቲም "ይህ ምርት በዚህ አገር አይሸጥም፤ ኮዱ አልተመዘገበም" የሚል መልእክት አወጣ። ቱግ ብዬ ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር፤ "ገጹ ላይ ተጽፏል እኮ።" ተመልሼ አየሁት። እውነቱን ነው። ከጌሙ ሥዕል ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ RU ይላል፤ ለሩሲያ ማለት ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሪጅን ሎክ፣ ማለትም ጌምን በአገር መቆለፍ፣ አንድ ቁልፍ ይመስለኝ ነበር። ወይ ተቆልፏል ወይ አልተቆለፈም። ለካ ቁልፉ የሚገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው። የትኛው በር ላይ እንዳለ ካላወቃችሁ፣ ርካሹ ዋጋ ርካሽ ይሁን ወጥመድ መለየት አይቻልም። በሮቹ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ዋጋው ለምን እንደሚለያይ እንይ። ቁልፉ የተሠራው ለዋጋው ሲባል ነውና።

ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው?

ብዙ ሰው ስቲም ራሱ ዋጋውን የሚወስን ይመስለዋል። የሚወስነው ጌሙን ያሳተመው ድርጅት ነው። የስቲም ባለቤት ቫልቭ ምክር ብቻ ነው የሚሰጠው። አሳታሚው በዶላር 59.99 ብሎ ሲሞላ፣ ከ30 በላይ ለሆኑ ሌሎች ገንዘቦች የሚመከር ቁጥር ይመጣለታል። ቁጥሩ ዶላሩን በዕለቱ ምንዛሬ አባዝቶ የተገኘ ብቻ አይደለም። የየአካባቢው ሰው ለመዝናኛ ስንት መክፈል ይችላል የሚለውም አብሮ ይታሰባል። አሳታሚው ምክሩን መቀበል ይችላል፤ የራሱን ቁጥር መጻፍም መብቱ ነው።

ልዩነቱ መጀመሪያ የሚመጣው ከታክስ ነው። አሜሪካ ውስጥ የምታዩት ዋጋ የሽያጭ ታክስ አይጨመርበትም፤ ታክስ ካለ መጨረሻ ላይ ይደመራል። አውሮፓ ውስጥ ግን የምታዩት ቁጥር ታክሱን የዋጠ ነው። ጀርመን 19 በመቶ፣ ሃንጋሪ 27 በመቶ። ስለዚህ "አሜሪካ 59.99 ዶላር፣ ጀርመን 59.99 ዩሮ፤ አውሮፓዊው ተበዘበዘ" የሚለው ንጽጽር ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ከጀርመኑ ዋጋ ላይ ታክሱ ሲወጣ 50.41 ዩሮ ነው የሚቀረው። ሃንጋሪ ውስጥ ያው 59.99 ዩሮ ቢከፈል የሚቀረው 47.24 ነው።

ሌላው ምንጭ ስንፍና ነው። የአንድ አገር ገንዘብ በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ ዋጋውን ሲያጣ አሳታሚው ቁጥሩን ካላስተካከለ፣ ጌሙ በዶላር ሲሰላ ራሱ በራሱ በግማሽ ይረክሳል። ማንም ቅናሽ አላደረገም፤ ማንም አላየውም እንጂ። አርጀንቲና እና ቱርክ ለዓመታት የዓለም ርካሽ ስቶር የነበሩት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ቫልቭ በጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) የምክር ሰንጠረዡን ሲያድስ ለሁለቱ አገሮች የሚመከረው ዋጋ ከአራት እጥፍ በላይ ዘለለ። ያም አልበቃም። ከኅዳር 20 ቀን 2023 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሁለቱም አገር ስቶር በፔሶና በሊራ መሸጥ አቁሞ በዶላር ሆነ። ድሮ ዋጋው በሊራ የወረደለት ሰው ዛሬ የሚያየው ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሰሜን አፍሪካ ቀጠና የተቆረጠውን የዶላር ዋጋ ነው። ከአሜሪካው ሊያንስ ይችላል፤ የድሮው ዓይነት ጉድ ግን የለም። አሁንም "የቱርክ አካውንት ክፈት" የሚል ምክር ካያችሁ፣ መካሪው ከዚያ ቀን በፊት የተኛ ሰው ነው።

አጥሩ ለምን አስፈለገ?

ቀጠናዎቹን የሚለየው አጥር፣ ማለትም ሪጅን ሎክ፣ ለምን እንደተሠራ ከሁሉም በላይ የሚያስረዳኝ ይህ ስሌት ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድበት።

አንድ ጌም በውድ ቀጠና በ59.99 ዶላር ይሸጣል እንበል። ስቲም መነሻ ድርሻው 30 በመቶ ነው። አሳታሚው እጅ የሚገባው 41.99 ዶላር ነው። በርካሽ ቀጠና ደግሞ ያው ጌም በ20 ዶላር ይሸጣል፤ በዚያ ላይ 20 በመቶ ታክስ በዋጋው ውስጥ አለ። ታክሱ ሲወጣ 16.67፤ የስቲም ድርሻ ሲወጣ 11.67 ዶላር ይቀራል።

11.67 ዶላር ለአሳታሚው ኪሳራ አይደለም። ጌሙ አንዴ ተሠርቷል። አንድ ቅጂ መጨመር የሚያስወጣው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ60 ዶላር ፈጽሞ የማይገዛ ሰው በ20 ከገዛ፣ ያ ገንዘብ ከየትም ያልመጣ ትርፍ ነው።

ችግሩ በ60 ሊገዛ የነበረው ሰው አጥር ዘሎ በ20 ሲገዛ ነው። ያኔ አሳታሚው 30.32 ዶላር ያጣል። ያንን ለመተካት በርካሹ ቀጠና ሦስት አዲስ ገዢ ሊያገኝ ይገባል ማለት ነው፤ ትንሽ ጎደል ይላል እንጂ። አጥር የሚዘልለው ሰው ከበዛ አሳታሚው ሁለት ምርጫ አለው። አጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ወይም የርካሹን ቀጠና ዋጋ ያንራል። ሁለተኛው ሲሆን ዕዳውን የሚከፍለው እዚያው የሚኖረው ተጫዋች ነው። እኔ አጥር መዝለልን የማልወድበት ምክንያት ከሕጉ ይልቅ ይሄኛው ነው።

ቁልፉ የተሰቀለባቸው በሮች

የመጀመሪያው በር ግዢው ላይ ነው። ስቶሩ ሁለት ነገር ያያል፤ ኢንተርኔት የገባችሁበትን አገርና ገንዘቡ የመጣበትን አገር። የባንክ ካርድ የመጀመሪያ ስድስት ወይም ስምንት ቁጥሮች ካርዱን የሰጠውን ባንክ ያመለክታሉ። ከዚያ አገሩን ማወቅ ቀላል ነው። ቪፒኤን ኢንተርኔት የገባችሁበትን አገር ቢሸፍንም ካርዱን አይሸፍንም። ለዚህ ነው "ቪፒኤን ከፍቼ እገዛለሁ" የሚል ሰው መክፈያው ገጽ ላይ ሲደርስ የሚቆመው።

ሁለተኛው በር ምዝገባው ነው። የተገዛው ኮድ ወደ አካውንት ሲገባ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ "ይህ አካውንት ያለበት አገር ተፈቅዷል?" እኔ የተመታሁት እዚህ ነው። እዚህ በር ላይ አንድ መልካም ነገር አለ። ኮዱ አልተቃጠለም። የስቲምን መልእክት መጀመሪያ ላይ በንዴት ሳነበው "ኮዱ አልተመዘገበም" የሚለውን ዘልዬው ነበር። ትርጉሙ ግን ኮዱ አሁንም አዲስ ነው፣ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል ማለት ነው። ሻጩ እንዲመልስልኝ የተከራከርኩትም በዚህ ነው። ያልተነካ ዕቃ ነው የምመልሰው።

ሦስተኛው በር በጣም ክፉው ነው፤ ማስነሳቱ ላይ ነው። ጌሙ ይገዛል፣ ይመዘገባል፣ ላይብረሪያችሁ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከተፈቀደው አገር ውጭ ሆናችሁ "ተጫወት" ስትሉ ግን አይነሳም። እዚህ ኮዱ ተቃጥሏል። ለማንም መመለስ አይቻልም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው በር ከመክፈላችሁ በፊት ሊታዩ ይችላሉ። የስቲምን መረጃ በሚዘረዝረው `steamdb.info` ድረ ገጽ ላይ ጌሙን ፈልጉና የፓኬጆቹን ዝርዝር ክፈቱ። ስቲም ላይ የሚሸጠው "ጌም" በትክክል ሲታይ ፓኬጅ ነው። አንድ ጌም ብዙ ፓኬጅ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ለዓለም ሁሉ፣ አንዱ ለአንድ ቀጠና። ቁልፉ ያለው ፓኬጁ ላይ እንጂ ጌሙ ላይ አይደለም። ለቀድሞዋ ሶቭየት አገሮች ብቻ የተዘጋጀ ፓኬጅ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ታያላችሁ፦

```
onlyallowrunincountries: AM AZ BY GE KG KZ MD RU TJ TM UA UZ
```

ይህ ሦስተኛው በር ነው። ጌሙ የሚነሳው በእነዚህ 12 አገሮች ውስጥ ብቻ ነው። መስመሩ `purchaserestrictedcountries` የሚል ከሆነ ግን የሚያወራው ስለ መግዛትና መመዝገብ ነው። ከገባ በኋላ የትም ሆናችሁ ትጫወታላችሁ። በስም ይመሳሰላሉ፤ በውጤት አይገናኙም። ሁለቱን መለየት ብቻውን ከግማሽ በላይ ከሆነው ችግር ያድናል።

ፓኬጆቹ የቋንቋ ገደብም አንዳንዴ ይጨምራሉ። ለአንድ ቀጠና የተዘጋጀ ርካሽ ቅጂ የዚያ ቀጠና ቋንቋ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ጌሙ ይነሳል፤ እናንተ ግን አንድ ቃል አታነቡም።

አራተኛው በር ጌሙ ላይ ሳይሆን ከጌሙ ጀርባ ያለ አገልግሎት ላይ ነው። ይህ ከግዢ በኋላም ሊመጣ ይችላል። በግንቦት 2024 መጀመሪያ ላይ (በአውሮፓ አቆጣጠር) አሳታሚው ሶኒ የሄልዳይቨርስ 2 የኮምፒውተር ተጫዋቾች ስቲም ላይ የገዙትን ጌም ከፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ጋር እንዲያገናኙ አዘዘ። ይህ የሶኒ ኦንላይን አገልግሎት ግን በብዙ አገሮች አይሠራም። ጌሙ ከ170 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ከስቲም ሽያጭ ላይ ወረደ። ተጫዋቹ በአንድ ድምፅ ተነሳ፤ ሶኒም በቀናት ውስጥ ግንኙነቱን አስገዳጅ የማድረጉን ሐሳብ ተወው። ገንዘባቸውን ከፍለው ሲጫወቱ የነበሩ ሰዎች ድንገት "የእናንተ አገር አልተካተተም" መባላቸው ነው የሚገርመው። ስለዚህ ኦንላይን ብቻ የሚሠራ ጌም ስትገዙ ከስቲም ሌላ የምን አካውንት እንደሚጠይቅ እዩ። የስቶር ገጹ በስተቀኝ በኩል ይጽፈዋል።

ምርጫዎቹን እናወዳድር

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ስቲም ላይ አንድ ጌም ፈልጋችኋል፤ በእናንተ ስቶር 59.99 ዶላር ነው። ሌላ ቀጠና ውስጥ 25 እንደሆነ አይታችኋል። በየትኛው መንገድ ትሄዳላችሁ?

መጀመሪያ የሚታሰበው የአካውንቱን አገር መቀየር ነው። በእውነት መኖሪያችሁን ከቀየራችሁ ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ስቲም ራሱ ቀይሩ ይላችኋል። እዚያው አገር ሆናችሁ፣ በዚያው አገር መክፈያ መግዛት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ዋሌት ውስጥ የቀረ ገንዘብ ካለ ወደ አዲሱ ገንዘብ ይለወጣል። ለአጭር ጉዞ ከሆነ ግን መቀየር አያስፈልግም፤ ላይብረሪያችሁ አብሯችሁ ይሄዳል። ለማስመሰል ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ከ2021 ጀምሮ ስቲም አገር መቀየር የሚፈቅደው በሦስት ወር አንዴ ብቻ ነው። ቪፒኤን ተጠቅሞ ያለበትን ቦታ መሸሸግ ደግሞ እያንዳንዱ ተጠቃሚ "ተስማምቻለሁ" ያለበት ውል ይከለክለዋል። ከተነቃባችሁ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል። እስኪ አስቡት፤ 35 ዶላር ለማትረፍ የዓመታት ላይብረሪ ማስያዝ ነው። በዚያ ላይ ርካሽ ስቶር የሚባሉት ራሳቸው ወደ ዶላር በዞሩበት ዘመን! እኔ አላደርገውም።

ቀጥሎ የሚታሰበው ሌላ አገር ያለ ወዳጅ ነው። "አንተ ግዛና በስጦታ ላክልኝ" ማለት። ድሮ ይሠራ ነበር። ሰው በቅናሽ ጊዜ አሥር ቅጂ ገዝቶ ያከማችና ዋጋው ሲመለስ ይሸጥ ነበር። ቫልቭ ይህን በ2017 ዘጋው። ዛሬ ስጦታ ከገዢው በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ይሄዳል፤ ማከማቸት የለም። ደግሞ በሁለቱ አገሮች ዋጋ መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ ስቲም ስጦታውን አያስተላልፍም። ይህ ማለት ስጦታ የሚያልፈው ትርፍ በሌለበት ቦታ ነው። ለልደት ጥሩ ነው፤ ለቁጠባ አይሆንም።

ሦስተኛው መንገድ ከስቲም ውጭ ኮድ መግዛት ነው። እዚህ ሁለት ዓይነት ሻጭ አለ፤ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። አንደኛው ኮዱን በቀጥታ ከአሳታሚው የተረከበ ነው። ገዢው ከየት እንደመጣ ያያል፣ ለዚያ ቀጠና የተፈቀደውን ኮድ ይሰጣል፣ ገደቡን ከመክፈያው ቁልፍ አጠገብ ይጽፋል። ሁለተኛው ደግሞ ግለሰቦች ኮድ የሚሸጡበት ገበያ ነው። ኮዱ ከየት እንደመጣ ገበያው ራሱ ላያውቅ ይችላል። ከርካሽ ቀጠና የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ በተሰረቀ ካርድ የተገዛም ሊሆን ይችላል። የኋለኛው ከሆነ አሳታሚው ሲደርስበት ኮዱን ይሰርዘዋል፤ ጌሙም ከላይብረሪያችሁ ይጠፋል። ስቲም ከውጭ ለተገዛ ኮድ ገንዘብ አይመልስም።

ኮድ ስትገዙ ከጌሙ ስም አጠገብ ያሉትን ፊደላት አንብቡ። `GLOBAL` የትም ይሠራል ማለት ነው፤ ቢያንስ ሻጩ እንዲያ ይላል። `EU` አውሮፓ ነው። `RU/CIS` ከላይ ያየነው የ12ቱ አገር ዓይነት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው `ROW` ላይ ነው። "የተቀረው ዓለም" ማለት ነው እንጂ "ዓለም ሁሉ" ማለት አይደለም። የተለየ ዋጋ ያላቸው ቀጠናዎች ከወጡ በኋላ የተረፈው ነው። የእናንተ አገር ከወጡት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሻጩን የፓኬጁን ቁጥር ጠይቁት። ካወቀ ይነግራችኋል፤ እናንተም `steamdb.info` ላይ ታያላችሁ። ካላወቀ እኔ እዚያ ጋ አቆማለሁ።

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለምትኖሩ አንድ የተለየ ነገር አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን በጥር 2021 ቫልቭንና አምስት አሳታሚዎችን በድምሩ 7.8 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ከአሳታሚዎቹ መካከል ካፕኮምና ባንዳይ ናምኮ ይገኙበታል። ጥፋታቸው ፖላንድና ቼክን ጨምሮ በጥቂት የምሥራቅና የመካከለኛው አውሮፓ አገሮች የተሸጡ ኮዶች በሌሎቹ አባል አገሮች እንዳይሠሩ መቆለፋቸው ነው። ጉዳዩ ወደ 100 የሚጠጉ ጌሞችን ይመለከታል። ቫልቭ ይግባኝ ብሎ በመስከረም 2023 ተረታ። ስለዚህ በኅብረቱ ውስጥ ከአንድ አባል አገር ወደ ሌላው ኮድ መቆለፍ የሚያስቀጣ ነው። መጥፎው ጎኑ ደግሞ ከላይ የሠራነው ስሌት ነው። አጥር መሥራት የተከለከለ አሳታሚ ለፖላንዱ ገዢ ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት ይጠፋዋል። ፍርዱ ለጀርመኑ ጥሩ ነው፤ ለፖላንዱ ጥሩ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

አራተኛው መንገድ አሰልቺ ነው፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ የምሄደው በእሱ ነው። ጌሙን በራሳችሁ ስቶር ምኞት ዝርዝር ውስጥ አስገቡና ጠብቁ። ስቲም በየወቅቱ ትልቅ ቅናሽ አለው። 59.99 የነበረው ጌም በ60 በመቶ ቅናሽ 24 ዶላር ይሆናል። ሌላ ቀጠና ያያችሁት 25 ዶላር በራሳችሁ አካውንት፣ ያለ ምንም ቁልፍ መጣ ማለት ነው። የሚያስከፍለው ትዕግሥት ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ በራሱ ስቶር የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውቶ ከሆነ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ኮድ የገዛ ሰው ይህ ዕድል የለውም።

አምስተኛው ጂኦጂ የሚባለው ሌላ የጌም ስቶር ነው። እዚያ የሚሸጡ ጌሞች ፈቃዳችሁን እየፈተሸ የሚቆልፍ ነገር የላቸውም፤ ማስጫኛው ፋይል ወደ ኮምፒውተራችሁ ይወርዳል፣ በቃ። አገር መቀየር፣ ስቶሩ መዘጋት፣ ኢንተርኔት መጥፋት አያግደውም። የዋጋ ልዩነት እዚህም አለ፤ ሦስተኛው በር ግን የለም። ብዙ አገር የሚዘዋወር ሰው ከሆናችሁ ጥቂት ዶላር ጨምራችሁም ቢሆን ይህን እመርጥላችኋለሁ። ጉድለቱ አዲስ ትልልቅ ጌሞች እዚያ ዘግይተው መምጣታቸው ወይም ጨርሶ አለመምጣታቸው ነው።

ኮንሶል ላይ ነገሩ ይገለበጣል

ኮንሶል ያላችሁ ሰዎች "ዛሬ ዲስክ ሪጅን ሎክ የለውም" ሲባል ሰምታችኋል። በአብዛኛው ልክ ነው። የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ዲስክ የትም ተገዝቶ የትም ይሠራል። የኔንቴንዶ ስዊች የጌም ካርድም እንዲሁ፤ ከእሱ በፊት የነበረው 3ዲኤስ ግን ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ የሄደው ከዲስኩ ወደ አካውንቱ ነው።

ፕሌይስቴሽን ላይ አካውንት ስትከፍቱ የመረጣችሁትን አገር መቀየር አትችሉም። የስጦታ ካርድም ከዚያው አገር መሆን አለበት። ሰዎችን በጣም የሚጎዳው ግን ዲኤልሲ፣ ማለትም ለብቻው የሚሸጠው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ነው። አንድ ሰው ከአሜሪካ የመጣ ዲስክ በርካሽ ገዛ እንበል። አካውንቱ የአውሮፓ ነው። ጌሙ ያለ ችግር ይነሳል። ከወር በኋላ ተጨማሪ ምዕራፍ ሲወጣ ከራሱ ስቶር በ20 ዩሮ ይገዛል። ይወርዳል፤ ጌሙ ውስጥ ግን የለም። ለፕሌይስቴሽን የአሜሪካና የአውሮፓ ቅጂ ሁለት የተለያዩ ጌሞች ናቸው። በዲስኩ ሣጥን ላይ `CUSA` ወይም `PPSA` ብሎ የሚጀምር ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር አለ። ዲኤልሲው የሚገጥመው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው። ተጨማሪ ምዕራፍ እንደምትገዙ የምታውቁት ጌም ከሆነ ዲስኩን ከአካውንታችሁ ቀጠና ግዙ። አንድ ጊዜ ተጫውታችሁ የምትሸጡት ከሆነ ከየትም ቢመጣ ግድ የለም።

ኔንቴንዶ ደግሞ የአካውንት አገር መቀየር ይፈቅዳል። ለዚህ ነው የጃፓኑ ኢሾፕ በየን መርከስ ምክንያት ለውጭ ሰው ገበያ የሆነው። ኔንቴንዶ ከመጋቢት 25 ቀን 2025 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከጃፓን ውጭ የወጡ ካርዶችና የፔይፓል አካውንቶች የጃፓኑ ስቶር ላይ እንዳይሠሩ አደረገ። አገሩን ክፍት ትቶ ገንዘቡን ነው የቆለፈው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የወጣው ስዊች 2 ደግሞ አጥሩን ከጌሙ አልፎ ዕቃው ራሱ ላይ አጠረው። ጃፓን ውስጥ ሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንደኛው ሲወጣ 49,980 የን ነበር፤ በወቅቱ ምንዛሬ 345 ዶላር ገደማ። ሌላው 69,980 የን ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 449.99 ዶላር ነበር። ርካሹ የሚናገረው ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ አገሩ ጃፓን ያልሆነ የኔንቴንዶ አካውንትም አይቀበልም። 20,000 የን ያስጨመረው የሌላው ልዩነት ቋንቋውና አካውንቱ እንጂ ውስጡ ያለው መሣሪያ አይደለም። ጃፓንኛ አንብባችሁ፣ ጃፓን ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ርካሹን ውሰዱ። ከውጭ ሆናችሁ ቶኪዮ ያለ ወዳጅ "ርካሽ ስዊች ልላክልህ?" ካላችሁ ግን መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ጠይቁት።